24 ጋላክሲዎች፣ ሁለት ዓይነት «95 ከመቶ»

እ.ኤ.አ. በ1929 ኤድዊን ሀብል የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተመ። የጽሑፉ እምብርት የ24 ጋላክሲዎች ሠንጠረዥ ነው። ለእያንዳንዱ ጋላክሲ ሁለት ቁጥር ተሰጥቶታል፤ አንዱ ከእኛ ያለው ርቀት፣ ሌላው ከእኛ የሚሸሽበት ፍጥነት። ፍጥነቶቹን በአብዛኛው የለካው ሌላው አሜሪካዊ ቬስቶ ስላይፈር ሲሆን፣ ርቀቶቹ የሀብል ሥራ ናቸው። ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ሥዕል ላይ ሲያኖራቸው፣ ራቅ ያሉት ጋላክሲዎች በፍጥነት ይሸሻሉ፣ ቀረብ ያሉት ደግሞ ዝግ ይላሉ። ዩኒቨርስ እየሰፋ ነው የሚለው ግኝት ከተመሠረተባቸው መረጃዎች አንዱ ይህ ሥዕል ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በነጥቦቹ መካከል የሚያልፈውን መስመር ማግኘት ሊኒየር ሪግሬሽን ይባላል። እዚህ ላይ ጉዳዩ ቀላል ነው፤ ፍጥነት እኩል ይሆናል H ሲባዛ በርቀት። ርቀቱ ዜሮ ሲሆን ፍጥነቱም ዜሮ ስለሚሆን የምንፈልገው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ የመስመሩን ተዳፋት፣ ማለትም H። መለኪያው «በሜጋፓርሴክ በሰከንድ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር» ይባላል። አንድ ሜጋፓርሴክ 3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ነው፤ ከዚህ ወዲያ ግን መለኪያውን ትቼ ቁጥሩን ብቻ እጠራለሁ።

የሀብልን ሠንጠረዥ ወስጄ ይህን ቀላል መስመር ሳሰላ H 424 ይወጣል። ሀብል ራሱ የፀሐይን ጉዞ ጭምር በስሌቱ ስላስገባና ጋላክሲዎቹን አንዴ በተናጠል፣ አንዴ በቡድን ስላሰላ 465 እና 513 አግኝቷል። ነጥቦቹ መስመሩ ላይ በትክክል አይቀመጡም። እያንዳንዱ ጋላክሲ ከመስፋፋቱ ሌላ የራሱ ጉዞ ስላለው ከመስመሩ ወደ ላይም ወደ ታችም በሰከንድ 229 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አንድሮሜዳማ ጭራሽ አትሸሽም፤ በሠንጠረዡ ላይ በሰከንድ 220 ኪሎ ሜትር ወደ እኛ ትመጣለች። ከዚህ መበተን ተነሥተን የ424 ስታንዳርድ ኤረር ስናሰላ 42 ይሆናል፤ ለ23 ነፃ ነጥቦች የሚገባውን 2.07 ስናባዛበት ደግሞ የ95 ከመቶ ክልሉ ከ337 እስከ 511 ይዘረጋል።

ታዲያ ይህ ክልል ምን ይላል? አንባቢው ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ስታቲስቲክስ የተማረውም ጭምር፣ «እውነተኛው H ከ337 እስከ 511 መካከል የመሆኑ ዕድል 95 ከመቶ ነው» ብሎ ይረዳዋል። የኮንፊደንስ ኢንተርቫልን ፅንሰ ሐሳብ በ1937 ባወጣው ጽሑፍ ያጸናው ጄርዚ ኔይማን ይህን አባባል አይቀበለውም። በእርሱ አስተሳሰብ H አንድ የተወሰነ ቁጥር ነው፤ አናውቀውም እንጂ አይለዋወጥም። የሚለዋወጠው መረጃው ነው፤ ስለዚህም ከመረጃው የሚሰላው ክልል። 95 ከመቶ የሚባለው የአሠራሩ ባሕርይ ነው። በተመሳሳይ ሁኔታ መረጃ ደጋግመን ብንሰበስብና በየጊዜው ክልል ብናሰላ፣ ከመቶው ክልሎች 95ቱ ያህል እውነተኛውን ቁጥር በውስጣቸው ይይዛሉ። ይህ በእጃችን ያለው ከ337 እስከ 511 የሚለው ግን ወይ ይዞታል ወይ አልያዘውም። ከተሰላ በኋላ የዕድል ነገር አብቅቷል።

እንደ ሀብል ባለ ሥራ ላይ ይህ አባባል ትንሽ ይከብዳል። ያንን «ደጋግሞ መሰብሰብ» ማን ሊያደርገው ይችላል? በአካባቢያችን ያሉት ጋላክሲዎች እነዚሁ ናቸው፤ ዩኒቨርስም አንድ ነው። ድግግሞሹ በሐሳብ የሚደረግ ነው፤ ርቀቶቹ እንዳሉ ሆነው የእያንዳንዱ ጋላክሲ የግል ጉዞ በየጊዜው አዲስ ዕጣ እንደሚወጣለት አድርገን እናስባለን። ይህ መጥፎ ሐሳብ አይደለም። አሠራሩ ምን ያህል ጊዜ እንደሚያሳስተን አስቀድሞ ይነግረናል፤ ይህም ትልቅ ዋስትና ነው። ብቻ የጠየቅነውን ጥያቄ አይመልስም። የጠየቅነው ስለ H ነበር፤ መልሱ የመጣው ስለ አሠራሩ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ስሙን ያገኘው ከእንግሊዛዊው ቄስ ከቶማስ ቤይዝ ነው፤ ድርሳኑ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1763 ነበር። በዚህ መንገድ ዕድል የሚገልጸው የእኛን አለማወቅ ነው፤ ስለዚህ ስለማይለዋወጥ ቁጥርም ቢሆን በዕድል መናገር ይቻላል። መነሻው ፕራየር ይባላል፤ ይህን መረጃ ሳናይ ስለ H የምናውቀውን ወይም የምንገምተውን በዕድል መልክ ማስፈር ማለት ነው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሊሆን ለሚችል H፣ «ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ የሀብል 24 ነጥቦች እንዲህ ሆነው የመገኘታቸው ነገር ምን ያህል ነበር?» ብለን እንጠይቃለን። ሁለቱን አባዝተን ድምሩ አንድ እንዲሆን ስናስተካክለው የሚገኘው ፖስቴሪየር ነው። ከፖስቴሪየሩ መካከለኛውን 95 ከመቶ ቆርጠን ስንወስድ ደግሞ ፖስቴሪየር ኢንተርቫል ይሆናል። እዚህ ላይ «H በዚህ ክልል ውስጥ የመሆኑ ዕድል 95 ከመቶ ነው» ማለት ይፈቀዳል፤ ትርጉሙም በትክክል ይኸው ነው። ሐረጉ ግን እዚያ አያበቃም፤ «ፕራየሩንና ሞዴሉን ከተቀበልን» የሚል ይከተለዋል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ጭራው ነው።

አሁን አንድ የሚገርም ነገር። «ስለ H ምንም አላውቅም» የሚለውን ጠፍጣፋውን ፕራየር ይዘን፣ ለመበተኑም የተለመደውን ልል ፕራየር ሰጥተን ስናሰላ ክልሉ ከ337 እስከ 511 ይሆናል። ያው ቁጥር! በሊኒየር ሪግሬሽን ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ ሒሳቡ ራሱ ሁለቱን ያገጥማቸዋል። ሁለቱ ወገኖች ለብዙ ዘመን ሲከራከሩ በተግባር የሚያወጡት ቁጥር አንድ ሊሆን ይችላል፤ የሚለያየው ቁጥሩን ይዘው የሚናገሩት ነው። አንዱ ስለ ዘዴው ይመሰክራል፣ ሌላው ስለ ነገሩ። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። የሚታየው እውነተኛ ዕውቀት ያለው ፕራየር ሲገባ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ዕውቀት ነበር፤ የመጣውም ከሰማይ ሳይሆን ከድንጋይ ነው። ጋላክሲዎቹ በዚህ ፍጥነት ሲራራቁ ከኖሩ፣ ወደ ኋላ ተመልሰን ሁሉም አንድ ላይ የነበሩበትን ጊዜ ማስላት እንችላለን። ፍጥነቱ ሳይለወጥ ኖሯል ካልን ዕድሜው በቢሊዮን ዓመት 978 ሲካፈል ለH ነው። በ424 ካካፈልን 2.3 ቢሊዮን ዓመት ይመጣል። እንግሊዛዊው የሥነ ምድር ሊቅ አርተር ሆምዝ ደግሞ በ1946 በድንጋይ ውስጥ ባለው እርሳስ አስልቶ የምድርን ዕድሜ ወደ 3 ቢሊዮን ዓመት አደረሰው። ልጅ ከእናቱ በዕድሜ በልጦ ተገኘ ማለት ነው። የ3 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ ሊኖር የሚችለው H ከ326 በታች ሲሆን ነው፤ የሀብል ነጥቦች ግን ከዚያ በላይ ይጠቁማሉ።

እንግዲህ የሆምዝን ሥራ የሚያምን ሰው ፕራየር ያዘጋጅ እንበል። «ዩኒቨርስ ከምድር ይበልጣል፤ ስለዚህ H በ95 ከመቶ እምነት ከ100 እስከ 300 መካከል ነው» ይላል። ይህ በኖርማል ቅርጽ ሲጻፍ አማካዩ 200፣ ስፋቱ 50 ነው። ሆምዝ የጻፈው ከሀብል 17 ዓመት ዘግይቶ መሆኑ ችግር የለውም፤ ፕራየር በጊዜ መቅደም የለበትም፤ ከእነዚህ 24 ነጥቦች ውጭ የመጣ ዕውቀት ከሆነ ይበቃል። ስሌቱ መበተኑን 229 ብለን ከያዝነው የእጅ ሒሳብ ነው። የእያንዳንዱ ወገን ክብደት አንድ ሲካፈል ለስፋቱ ካሬ ነው፤ የመረጃው ስፋት 42፣ የፕራየሩ 50። ክብደቶቹን ከመቶ ስናወጣቸው መረጃው 58.5፣ ፕራየሩ 41.5 ይይዛሉ። 424ን እና 200ን በዚህ መጠን ስንቀላቅላቸው 331 ይሆናል። ክልሉም ከ268 እስከ 394።

ይህን ክልል ትንሽ ቆም ብለን እንየው። ከመጀመሪያው ይጠባል፤ ያኛው 174 ስፋት ነበረው፣ ይኸኛው 126። ሁለት ምስክሮች ፈጽሞ ሳይስማሙ ቀርተው እኛ ግን ይበልጥ እርግጠኛ ሆንን! አንዱ 424 ሲል ሌላው 200 አለ፤ ፖስቴሪየሩ ደግሞ ሁለቱም ያላሉትን 331 ብሎ በጠባብ ክልል አስቀመጠው። ኖርማል ፕራየር ከኖርማል መረጃ ጋር ሲገናኝ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ምን ያህል ቢቃረኑም ክልሉ ይጠባል እንጂ አይሰፋም። ፖስቴሪየሩን ብቻ የሚያይ ሰው ጠቡን በፍጹም አያውቅም።

ጠቡን ለማወቅ ፕራየሩን ራሱን መፈተን ያስፈልጋል። ፕራየሩ እውነት ቢሆን ከመስመሩ የሚወጣው ተዳፋት ከ200 ምን ያህል ሊርቅ ይችል ነበር? የ50ን እና የ42ን ካሬ ደምረን ስኩዌር ሩት ስናወጣ 65 ይሆናል። የተገኘው ርቀት ግን 224 ነው፤ የሚጠበቀው 3.4 እጥፍ። በኖርማል ሒሳብ ይህን ያህል ርቀት የሚያጋጥመው ከሺህ አንድ ጊዜ እንኳ አይሞላም። እዚህ ሲደርሱ ማቀላቀሉን አቁሞ ከሁለቱ ወገኖች የቱ እንደ ተሳሳተ መጠየቅ ይገባል። ብዙ ሰው ይህን ፈተና ሲዘለው አያለሁ፤ ሶፍትዌሩ መልስ ከሰጠ በኋላ ወደ ኋላ የሚመለስ ጥቂት ነው።

የሁለቱ ክልሎች የትርጉም ልዩነትም በቁጥር የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። እውነተኛው H በእርግጥ 424 ቢሆን፣ እኛም ይህን ፕራየር ይዘን መረጃውን መቶ ጊዜ በአዲስ ዕጣ ብንሰበስብ፣ የእኛ የ95 ከመቶ ፖስቴሪየር ክልል 424ን የሚይዘው 11 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ፕራየሩ በየጊዜው ወደ 200 ይጎትተዋል። ኔይማን ይህን ቢያይ «95 ያላችሁት 11 ሆነ» ይል ነበር፤ ትክክልም ነው። የቤይዝ ወገን መልስም ትክክል ነው፦ እኔ የምለው 95 ከመቶ፣ H ራሱ ከፕራየሩ ውስጥ በዕጣ የወጣ ቢሆን በአማካይ የሚጠበቅ ነው፤ ለአንድ ለተመረጠ H ዋስትና አልሰጠሁም። ኔይማን ለየትኛውም H የሚሠራ ዋስትና ይሰጣል፤ ነገር ግን ድንጋዩ የሚናገረውን መስማት አይችልም። ቤይዝ ድንጋዩን ይሰማል፤ ድንጋዩ ከዋሸ አብሮ ይዋሻል።

በዚህ ታሪክ ግን ድንጋዩ አልዋሸም። የምድር ዕድሜ ዛሬ በ4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ የታወቀ ነው። ዛሬ የሚለካው H ደግሞ 70 አካባቢ ነው። ከ337 እስከ 511 የሚለው ክልል እውነተኛውን አልያዘም፤ ከ268 እስከ 394 የሚለውም አልያዘም፤ እንዲያውም ተቀራርበው እንኳ አልሳቱም።

የስሕተቱ ምንጭ ርቀቶቹ ነበሩ። ርቀትን ለመለካት መነሻ የሆኑት ሴፊድ የሚባሉ፣ ብርሃናቸው በየጊዜው የሚጨምርና የሚቀንስ ከዋክብት ናቸው፤ ሄንሪዬታ ሌቪት በ1912 የመለዋወጫ ጊዜያቸው ረዘም ባለ ቁጥር ብርሃናቸው እንደሚበረታ አሳይታለች። (ስማቸው የመጣው ከሴፊየስ ነው፤ በግሪክ አፈ ታሪክ የኢትዮጵያ ንጉሥና የአንድሮሜዳ አባት።) በ1952 ዋልተር ባዴ ሴፊዶች ሁለት ዓይነት እንደሆኑና ሀብል የተጠቀመባቸው ከታሰበው በላይ ደማቅ እንደነበሩ ገለጸ። ደማቅ ኮከብ ያን ያህል ደብዝዞ የታየው ሩቅ ስለሆነ ነው፤ ስለዚህ ርቀቶቹ ወደ እጥፍ አደጉ። በ1958 ደግሞ አለን ሳንዴጅ በሩቆቹ ጋላክሲዎች ውስጥ ሀብል ደማቅ ኮከብ ያላቸው አንዳንዶቹ የጋለ ጋዝ ደመናዎች መሆናቸውን አሳይቶ Hን ወደ 75 አወረደው፤ ይህም ግምት በሁለት እጥፍ ሊሳሳት እንደሚችል አብሮ ጻፈ።

ይህ ስሕተት በመበተን አይታይም። ሚዛኑ የተዛባበት ነጋዴ ጤፉን ሺህ ጊዜ ቢመዝነው የሺው አማካይ እየጠራ ይሄዳል እንጂ አይታረምም። የእኛ ሞዴል የሚያውቀው 229ኙን፣ ማለትም የእያንዳንዱን ጋላክሲ የግል መወላወል ነበር። ሁሉንም ርቀቶች በአንድ ላይ የሚያዛባ ነገር በሞዴሉ ውስጥ ቦታ ስላልነበረው ሁለቱም ክልሎች እንደሌለ ቆጠሩት።

ቤይዛዊው መንገድ እዚህ ላይ አንድ የሚያስወድድ ጠባይ አለው፤ ያልታወቀውን ነገር በስም ጠርቶ ፕራየር መስጠት ይቻላል። እውነተኛው ርቀት የሀብል ርቀት ሲባዛ በ c ነው እንበል። አሁን ሞዴሉ H፣ c እና ርቀት የሚባዙበት ሆነ። የ24ቱ ነጥቦች መስመር የሚነግረን የሁለቱን ብዜት፣ 424ን፣ ብቻ ነው፤ ለየብቻቸው ምንም አይልም። ለ c ሰፋ ያለ ፕራየር እንስጠው፤ በ95 ከመቶ እምነት ከሩብ እስከ አራት እጥፍ ይሁን። የH ክልል ወዲያው ከ107 እስከ 1,670 ገደማ ይዘረጋል። በሺህ የሚቆጠሩ ጋላክሲዎች ቢጨመሩም ከ109 እስከ 1,650 ሆኖ ይቀራል፤ ስፋቱ በሙሉ ማለት ይቻላል የመጣው ከ c ስለሆነ። ተማሪ ይህን ሲያይ ዘዴው የከሸፈ ይመስለዋል። በ1929 በእርግጥ የሚታወቀው ግን ይህን ያህል ነበር።

አሁን ድንጋዩን እንጨምር፤ በ200 እና በ50 መልክ ሳይሆን በሚያውቀው ልክ ብቻ፦ ዩኒቨርስ ከ3 ቢሊዮን ዓመት አያንስም፤ ስለዚህ H ከ326 በታች ነው። ከሰፊው ፖስቴሪየር ይህን ክፍል ብቻ ስናስቀር ክልሉ ከ81 እስከ 321፣ መካከለኛው 220 ገደማ ይሆናል። የመጀመሪያው ማቀላቀል ጠቡን ደብቆ 331 ላይ ያስታረቃቸው ሁለት ምስክሮች፣ አሁን ጠባቸው ትርጉም አገኘ፦ ድንጋዩ የሚናገረው ስለ c ሆነ። ሒሳቡ ሴፊድ የሚባል ነገር ሳያውቅ፣ ርቀቶቹ ያነሱ እንደሆኑ፣ ምናልባትም በእጥፍ ገደማ፣ ይጠቁማል። 70 አሁንም ከክልሉ ለጥቂት ወጥቷል፤ እውነተኛው c ስድስት ገደማ ነበርና እኛ በአራት ያቆምነው ፕራየር አልበቃውም። ቀድሞ ግን ከእውነቱ አራት እጥፍ ያህል ርቀን ነበር።

ዛሬም የH ነገር አላለቀም። የፕላንክ ሳተላይት ተመራማሪዎች የጥንቱን የዩኒቨርስ ብርሃን ለክተው በ2018 ያወጡት ፖስቴሪየር 67.4 ሲሆን ስፋቱ 0.5 ነው፤ በሴፊዶችና በሚፈነዱ ከዋክብት የሚለካው ቡድን ደግሞ በ2022 73.04፣ ስፋቱ 1.04 ብሏል። ቀደም ብለን ፕራየሩን የፈተንንበትን ሒሳብ እዚህ ብናደርገው ልዩነቱ 5.6፣ የሚጠበቀው 1.15፣ ማለትም ወደ አምስት እጥፍ ነው። የፕላንክ ቁጥር ዩኒቨርስ እንዴት እንዳደገ የሚገልጸውን ሞዴል ከተቀበልን የሚሠራ ነው፤ የሁለተኛው ደግሞ የርቀት መሰላሉን እያንዳንዱን ደረጃ ከተቀበልን። ተመራማሪዎቹ አሁን የሚከራከሩት ሁለቱን አማክሎ 68 ወይም 69 ስለማለት አይደለም፤ ከሁለቱ ሞዴሎች በየትኛው ውስጥ ስሙ ያልተጻፈ c እንዳለ ነው።